19:12 ላይ ያለው መሲንቆ፦ ስሙ ያልተጻፈ ሙዚቃ እንዴት እንደተገኘ

ይሄ የሰራሁት አንድ ጉዳይ ነው። ሙሉውን መጻፍ የፈለኩት ዘፈን ፈልግልኝ የሚል ሰው በየሳምንቱ ስለሚመጣ እና ይሄኛው ላይ የተሳሳትኩት ስህተት ብዙ ሰው የሚሳሳተው ስለሆነ ነው። የሰዎቹን ስም፣ የቪዲዮውን ስምና የቻናሉን ስም አልጠራም።

ነገሩ እንዴት ጀመረ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አካባቢ ትንሽ ፎቶ ቤት አለችኝ፣ ሰርግ፣ ልደት፣ ምረቃ እንቀርጻለን፣ ከዛ ደግሞ ለሙት ዓመት ፎቶና ቪዲዮ እያቀናበርን እንሰራለን። ባለፈው ክረምት መጨረሻ ላይ አንድ የሰፈራችን እናት መጡ፣ እንጀራ እየጋገሩ ነው የሚሸጡት፣ ባለቤታቸው ካረፉ ዓመት ሊሞላ ሁለት ወር ቀርቶታል። የፎቶው ነገር ቀላል ነበር፣ ልጃቸው ከውጭ ሀገር ሰብስባ በቴሌግራም ልካልኛለች። ሙዚቃው ላይ ግን እትዬ ስልካቸውን አውጥተው አንድ የዩቲዩብ ቪዲዮ ከፈቱልኝና «ልጄ፣ እቺን መሲንቆ ነው የምፈልገው፣ እሱ ጠዋት ጠዋት ብስክሌቱን ሲወለውል የሚያፏጫት እቺን ነበር» አሉኝ። ስሟን አያውቁም። ባለቤታቸውም ስሟን ጠርተውላቸው አያውቁም፣ ዝም ብለው ማፏጨት ነው።

ቪዲዮው 27 ደቂቃ ይሆናል፣ አዲስ አበባ ዙሪያ ያለው የእርሻ መሬትና ኑሮ ላይ የተሰራ ነው፣ ገበሬው፣ ገበያው፣ ጠጅ ቤቱ፣ አህያው። እሳቸው የፈለጓት 19:12 ላይ ነው የምትጀምረው። አውድማ ላይ ሰዎች ጤፍ ሲያዘሩ ያሳያል፣ በመንሽ ወደ ላይ ሲወረውሩት ገለባው በፀሐዩ ውስጥ ይበተናል፣ ከስር ብቻዋን መሲንቆ ትጫወታለች። እስከ 20:34 ትሄዳለች፣ ማለትም 82 ሰከንድ። ችግሩ የመጀመሪያዎቹ 8 ሰከንዶች ብቻ ናቸው ንጹህ፣ ከዛ በኋላ ተራኪው ማውራት ይጀምርና እስከ መጨረሻው አያቆምም፣ ስለዚህ ድምጹን ከቪዲዮው ቆርጦ መጠቀም አይቻልም፣ ቢቻልም የሰው ስራ ነው። መግለጫው ላይ ስለ ሙዚቃ የተጻፈ ነገር የለም፣ መጨረሻ ላይ ከሚወጡት ስሞች ውስጥም የካሜራና የኤዲት እንጂ የሙዚቃ የለም። ቻናሉ ከሁለት ዓመት በላይ አዲስ ነገር አልለጠፈም። ጻፍኩላቸው፣ መልስ የለም።

መጀመሪያ የሞከርኩት

መቼም ሁላችንም መጀመሪያ የምናደርገው ሻዛም መክፈት ነው፣ እኔም እሱን ከፈትኩ። 8ቱን ሰከንድ እየደጋገምኩ አሰማሁት፣ ቀጥሎም ተራኪው ትንሽ የሚያርፍባቸውን ቦታዎች እየፈለኩ አሰማሁት፣ ምንም። እዚህ ጋር አንድ ነገር መረዳት ያስፈልጋል፣ ሻዛም ዜማን አይደለም የሚያውቀው፣ የተቀዳውን ድምጽ ነው። ከድምጹ ውስጥ ጎላ ጎላ ያሉትን ነጥቦች መቼና ስንት ከፍታ ላይ እንደመጡ ይወስድና እሱ ጋር ከተቀመጡት ቅጂዎች ጋር ያመሳክራል። ያው ሰውዬ ያንኑ ዘፈን በሌላ ቀን ቢጫወተው ለሻዛም ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ ሻዛም አላገኘሁም ሲል ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል፦ ቅጂው እነሱ ጋር የለም፣ ወይም ድምጹ ላይ ሌላ ነገር ተደርቦበታል፣ ወይም ኤዲት ያደረገው ሰው ፍጥነቱን ቀይሮታል። የትኛው እንደሆነ ግን አይነግርህም። እኔ ሁለተኛው ነው ብዬ ደመደምኩ፣ በተራኪው ምክንያት። ስህተት ነበር፣ ግን ያኔ አላወኩም።

ጎግል ላይ እያፏጩ መፈለግ የሚባል ነገር አለ ከ2020 ጀምሮ፣ እሱ ዜማን ነው የሚያመሳክረው። እትዬን ራሳቸውን አፏጭልኝ ብዬ አሞከርኳቸው፣ የመጣው ውጤት የማይገናኝ ነው። ይሄም አይገርምም፣ መሲንቆ ስትጫወት ድምጹን እያንሸራተተች ነው የምትሄደው፣ በፉጨት ሲሆን ያ ሁሉ ይጠፋና የትዝታ ቅኝት አምስቱ ድምጾች ብቻ ይቀራሉ፣ በነዛ አምስት ድምጾች ደግሞ ስንት ዘፈን ነው ያለው።

ኮመንቱ ውስጥ የገባሁበት ወጥመድ

ስለዚህ ወደ ኮመንቶቹ ገባሁ፣ 640 ገደማ ነበሩ። ስልክ ላይ ኮመንት ውስጥ ቃል መፈለጊያ ስለሌለ በላፕቶፕ ነው የከፈትኩት። እዚህ ጋር ትንሽ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፣ Ctrl+F ስትጫን የሚፈልገው ገጹ ላይ የወረደውን ብቻ ነው፣ ስለዚህ መጀመሪያ እስከ ታች ድረስ መውረድ፣ ከዛ በየኮመንቱ ስር ያሉትን መልሶች አንድ በአንድ መክፈት አለብህ፣ አለበለዚያ የለም ያልከው ነገር ተደብቆ ነው የሚቀረው። ደግሞ የኛ ሰው በሁለት ፊደል ነው የሚጽፈው። «ሙዚቃ» ብለህ ፈልገህ ካቆምክ ግማሹን አላየኸውም፣ muzika፣ zefen፣ music፣ masinko፣ mesinko እያልኩ ሁሉንም ፈለኩ፣ «ዘፈኑ»ንም ጨምሬ። ከቃሉ በተጨማሪ ሰዓቱንም መፈለግ ጥሩ ነው፣ 19: ብለህ ብቻ ብትጽፍ 19ኛው ደቂቃ ላይ የተጻፈውን ሁሉ ያመጣልሃል።

19:12 ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው ብቻ አገኘሁ፣ ማንም አልመለሰለትም። 19:50 ብለው የጠየቁ ግን አራት ነበሩ፣ «19:50 ላይ ያለው መሲንቆ ስሙ ምንድነው?» የሚል ዓይነት፣ ከነሱ በአንዱ ስር ደግሞ «ከላይ ተመልሷል እኮ፣ የእገሌ ነው» የሚል መልስ አለ፣ አንድ የታወቀ ዘፋኝ ስም ጠርቶ። ወደላይ ስሄድ እውነትም 12:30 ላይ ያለው ዘፈን የማን ነው ብሎ ለጠየቀ ሰው ያንኑ ዘፋኝ ስም ነው የመለሱለት። ሁለት ኮመንት አንድ ስም ሲጠራ አገኘሁት ብዬ ነው የተደሰትኩት። እትዬንም ደወልኩላቸው።

ከዛ ያንን ዘፋኝ ሙሉ ሳምንት አዳመጥኩ፣ ያገኘሁትን ካሴቱንም ሲዲውንም። መሲንቆ ያለበትን እየለየሁ ለእትዬ በቴሌግራም እልካለሁ፣ እሳቸው ደግሞ እንጀራቸውን እየጋገሩ ያዳምጡና «አይደለችም ልጄ» ይሉኛል። አንዱን ሲሰሙ ትንሽ ዝም ብለው «ትመስላለች፣ ግን ይቺ ትቸኩላለች» አሉኝ። እዛ ጋር ነው መጠርጠር የጀመርኩት። ከዛ በፊት 12:30ን ራሱን ከፍቼ ማየት ነበረብኝ፣ ያንን አላደረኩም ነበር። ስከፍተው 12:30 ላይ ምንም ሙዚቃ የለም። ሁለት ገበሬዎች ቆመው ስለ ማዳበሪያ ያወራሉ፣ በቃ። ንፋስ ነው የሚሰማው።

38ቱ ሰከንድ

ሙዚቃ የሌለበት ቦታ ላይ ሰው ሙዚቃው የማን ነው ብሎ አይጠይቅም፣ መልስ ሰጪውም አይመልስም። ስለዚህ ወይ ሰውየው ሰዓቱን ተሳስቷል ወይ ቪዲዮው ተቀይሯል። ዩቲዩብ ላይ የተለጠፈ ቪዲዮ ሊንኩን፣ ዕይታውንና ኮመንቶቹን ሳያጣ ከመሃሉ መቆረጥ ይችላል፣ ባለቤቱ ስቱዲዮው ውስጥ ገብቶ ነው የሚያደርገው። ሲቆረጥ ግን ከዛ በፊት የተጻፉ ኮመንቶች ውስጥ ያሉት ሰዓቶች አይስተካከሉም፣ እንደተጻፉ ነው የሚቀሩት። ይሄ ሆኖ ከሆነ ከቆረጣው በኋላ ያሉት የድሮ ሰዓቶች ሁሉ እኩል ነው ሊያልፉ የሚገባቸው፣ ከቆረጣው በፊት ያሉት ደግሞ ልክ ሊሆኑ ይገባል።

ይሄን ለማረጋገጥ የሙዚቃ ኮመንት አይሆንም፣ ምክንያቱም ሙዚቃ ይረዝማል፣ ሰው ደግሞ ከጀመረ በኋላ ነው ብዙ ጊዜ የሚጽፈው። የሚያስፈልገው ዓይን የማይስተው፣ አንዴ ብቻ የሚሆን ነገር ነው። እና አገኘሁ። አንዱ «15:20 አህያዋ ስትወድቅ ሞትኩ» ብሏል። አህያዋ አሁን የምትወድቀው 14:42 ላይ ነው። ልዩነቱ 38 ሰከንድ። ሌላዋ ደግሞ «6:05 የልጅቷ ሳቅ» ብላለች፣ ልጅቷ አሁንም 6:05 ላይ ነው የምትስቀው፣ ልዩነት የለም። ስለዚህ ቆረጣው በ6:05 እና በ14:42 መሃል ነው። አሁንም ሲጠብ፣ 11:48 ላይ ስለወጣች ዶሮ የተጻፈ ነበር፣ እሷም ልክ ናት። ከ11:48 ጀምሮ በሄድፎን እያዳመጥኩ ስሄድ 12:14 ላይ ተራኪው አረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ቁርጥ ይላል፣ ምስሉም ከገበያ በአንዴ ወደ ማሳ ይዘላል። እዛ ነው የተቆረጠው። እዛ ጋር ድሮ ከ12:14 እስከ 12:52 ድረስ የሚሄድ ሌላ ነገር ነበር፣ 12:30 የሚለው ኮመንት የሚያወራው ስለዛ ነው።

ለምን እንደተቆረጠ ባለቤቱ ስላልመለሰልኝ በእርግጠኝነት አልናገርም፣ ግን የታወቀ ዘፋኝ ዘፈን ያለበት ቦታ ብቻ ተለይቶ መቆረጡ የቅጂ መብት ጥያቄ መጥቶበት እንደሆነ ይመስላል፣ ዩቲዩብ እንደዛ ሲመጣ ለባለቤቱ ከሚሰጠው ምርጫ አንዱ ያንን ቦታ ቆርጦ ማውጣት ነው።

አሁን 19:50 የሚሉትን ኮመንቶች ተመልሰህ አስብ። 19:50 ሲቀነስ 38 ሰከንድ፣ 19:12። አራቱም ሰዎች የኔን መሲንቆ ነበር የሚጠይቁት፣ የመለሰላቸው ሰው ግን ላይ ያየውን የ12:30 መልስ ኮፒ አድርጎ ነው የሰጣቸው፣ ሙዚቃውን አዳምጦ አይደለም። ስለዚህ ሁለት ምስክር ያልኳቸው አንድ ምስክር ናቸው፣ እሱም ስለ ሌላ ዘፈን የመሰከረ። ሰባት ቀን የጠፋው እዚህ ጋር ነው።

ምስሉ የነገረኝ

አሁን እጄ ላይ ስም የለም፣ ግን ከዛ ይልቅ የተሻለ ጥያቄ መጣልኝ፦ ይሄ ሙዚቃ ከየት ገብቶ ነው? ኤዲት ስለምሰራ የምከተላት አንዲት ነገር አለች። ምስሉ ሲቀየር ድምጹ አብሮ ከተቀየረ እዛው ቦታ የተቀዳ ነው፣ ምስሉ እየተቀያየረ ድምጹ ዝም ብሎ ከቀጠለ ግን በኋላ የተደረበ ነው። አውድማው ላይ ምስሉ ከ19:12 እስከ 20:34 ስድስት ጊዜ ይቀየራል፣ መሲንቆዋ አንዴም አትቆረጥም። ስለዚህ ተደርባለች፣ አውድማው ላይ መሲንቆ የያዘ ሰው አልነበረም።

ከየት ተወስዳ ተደረበች? ሰው ሁልጊዜ ከዘፈን ቤት ወይ ከኢንተርኔት ነው ብሎ ያስባል፣ ግን ኤዲተር መጀመሪያ የሚያየው እጁ ላይ ያለውን ነው፣ ራሱ ቀርጾ ያመጣውን። ስለዚህ 27ቱን ደቂቃ እንደገና ከመጀመሪያው አየሁ፣ መሲንቆ በዓይን የሚታይበት ቦታ ፍለጋ። 8:20 ላይ አለች። ጠጅ ቤት ነው፣ ጠባብ ቤት፣ ግድግዳው አረንጓዴ ቀለም፣ አንድ ሸምገል ያሉ አዝማሪ ጥግ ላይ ተቀምጠው እየዘፈኑ ይጫወታሉ። ቪዲዮውን በ0.25 ፍጥነት አድርጌ ደጋኑን ብቻ አየሁ፣ ደጋኑ አቅጣጫ በሚቀይርበት ቅጽበት ድምጹም ይቀየራል፣ በየጊዜው። እዛው የተቀዳ ድምጽ ነው ማለት ነው።

ግን ይሄንን ቦታ ከዚህ በፊትም አይቼዋለሁ፣ ለምን አላወኳትም? ምክንያቱም እዚህ ሰውየው እየዘፈኑ ነው፣ አውድማው ላይ ግን መሲንቆዋ ብቻዋን ናት፣ ጆሮዬ የዘፈኑን ድምጽ ተከትሎ መሲንቆዋን አላዳመጠም። ዘፈናቸውን የሚጨርሱት 8:41 አካባቢ ነው፣ ከዛ ለ10 ሰከንድ ያህል መሲንቆዋ ብቻዋን ትቀጥልና 8:51 ላይ ምስሉ ወደ ሌላ ይሄዳል።

እነዛን 10 ሰከንዶች በሄድፎን ሰማኋቸው። 8:44 ላይ ብርሌ ከብርሌ ጋር ይጋጫል፣ ቀጭን ድምጽ ናት። 8:47 ላይ አንድ ሰው ከበስተጀርባ በዝግታ «እሰይ» ይላል። ከዛ ወደ 19:12 ሄድኩ፣ ሊንኩ ጫፍ ላይ ሰከንዱን ጽፌ ነው የምሄደው፣ 19 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ 1152 ሰከንድ ስለሆነ

```
&t=1152s
```

ብዬ። 19:15 ላይ፣ በሚበተነው ገለባ ስር፣ ብርሌዋ ትጋጫለች። 19:18 ላይ «እሰይ»። በሁለቱም ቦታ በመሃላቸው 3 ሰከንድ። ያንን ስሰማ ሄድፎኑን አውልቄ ፎቶ ቤቷ ውስጥ ትንሽ ተመላለስኩ። ያው ሰው ያንኑ ዜማ በሌላ ቀን ሊጫወት ይችላል፣ ብርሌና «እሰይ» ግን በዛው ርቀት ደግመው አይመጡም። አንድ ቅጂ ነው። ኤዲተሩ የጠጅ ቤቱን ድምጽ ምስሉ ካለቀ በኋላም ሳይቆርጠው አስቀምጦ አውድማው ላይ አነጠፈው።

የሻዛም መልስም አሁን ገባኝ። ተራኪው አልነበረም ችግሩ፣ ቅጂው የትም አልወጣም፣ እዛ ቪዲዮ ውስጥ ብቻ ነው ያለው። ሺ ጊዜ ባሰማው አያገኘውም።

ጠጅ ቤቱን መፈለግ

ከዚህ በኋላ የሚፈለገው ዘፈን ሳይሆን ሰው ሆነ። ቦታው ከቆረጣው በፊት ስለሆነ የኮመንት ሰዓቶቹ ልክ ናቸው፣ 8: ብዬ ስፈልግ ሦስት አገኘሁ። አንዱ «8:33 የኛ ሰፈር ጠጅ ቤት፣ ናፈቀኝ» ይላል፣ የቱ ሰፈር እንደሆነ የለም፣ ብጠይቀውም አልመለሰም። ሌላው «ወደ ጫንጮ ስትሄድ ነው፣ አውቀዋለሁ» ብሏል። ጫንጮ በሰሜን በኩል፣ ከሱሉልታ በኋላ ያለች ከተማ ናት። ግን አንዴ በኮመንት የተቃጠልኩ ስለሆንኩ ምስሉ ራሱ እንዲናገር ፈለኩ።

ቪዲዮ ቆሞ እያለ ላፕቶፕ ላይ ነጥብ ስትጫን አንድ ፍሬም ወደፊት፣ ኮማ ስትጫን አንድ ፍሬም ወደኋላ ይሄዳል። ካሜራው 8:29 ላይ ከበሩ ወደ ጥጉ ሲዞር በሩ ክፍት ነው፣ ለጥቂት ፍሬሞች ውጭው ይታያል። አስፋልት፣ ከዛ ማዶ የስልክ ካርድ የሚሸጥበት ሱቅ፣ ከላዩ ሰማያዊ ሰሌዳ፣ ግማሹን የበሩ መቃን ሸፍኖታል። የሚታየው መጨረሻው ብቻ ነው፦ «ልታ»። ሱሉልታ። ኮመንቱም ምስሉም አንድ አቅጣጫ ጠቆሙ፣ ይሄኛው ስምምነት ግን ከበፊቱ ይለያል፣ ምክንያቱም ሰሌዳው ኮመንቱን አላነበበም።

ስክሪንሾቶቹን፣ የበሩን፣ የግድግዳውን፣ የአዝማሪውን ፊት በትልቁ አትሜ ቅዳሜ ጠዋት በአዲሱ ገበያ በኩል ወደ ሱሉልታ ወጣሁ። የመንገዱን ዳር እያየሁ ሁለት ሰዓት ያህል ሄድኩ፣ ሰማያዊው ሰሌዳ የለም፣ ጠጅ ቤት ብዬ የገባሁባቸው ሁለቱም አይደሉም። የአዝማሪውን ፎቶ እያሳየሁም ብዙ አልረዳኝም፣ ሰው ፎቶ ሲያይ ፖሊስ ነህ እንዴ ብሎ ይፈራል። የረዳኝ የበሩ ፎቶ ነው። አንዲት አትክልት የሚሸጡ እናት የበሩን መቃን አይተው «ይሄማ የሥጋ ቤቱ በር ነው፣ ድሮ ጠጅ ቤት ነበር» አሉኝ። ቤቱ ተቀይሯል፣ ግድግዳው ተቀብቷል፣ በሩ ግን ያው ነው። የሥጋ ቤቱ ባለቤት የድሮዋን የጠጅ ቤት እናት ስልክ ሰጠኝ፣ እሳቸው ደግሞ የአዝማሪውን።

አዝማሪው ሲሰሙት

ጋሼ ስልክ ላይ ትንሽ ከበዳቸው፣ ምን ፈልጌ እንደሆነ አልገባቸውም፣ በማግስቱ ራሳቸው ካሉበት ሄጄ አገኘኋቸው። ምንም ሳልናገር 19:12ን ከፈትኩላቸው። ገለባውን ሳይሆን ስልኩን ወደ ጆሯቸው ጠጋ አድርገው ነው የሰሙት። «የኔ እጅ ነው» አሉ። ቀጥለው ደግሞ «ጭራዋ ላልታለች፣ ዝናብ ነበር የዛን ቀን» አሉኝ። መሲንቆ ላይ ያለችው አንዷ ጭራ የፈረስ ጭራ ናት፣ እርጥበት ሲነካት ትረግባለች፣ ድምጿም ይወርዳል። የዛን ቀን ድምጿ ዝቅ ያለ ስለነበር ነው አውድማው ላይ እንደዛ የረጋችው።

ድምጻቸው አውድማው ላይ እንደገባ አያውቁም ነበር። ሲቀረጹ ተነግሯቸዋል፣ የጠጅ ቤቱ ቀረጻ ነው የመሰላቸው። ስሟን ጠየኳቸው። ስም የላትም፣ ትዝታ ናት፣ ያስተማራቸው ሰው ዘፈን ሲጨርስ የሚመልሳት መንገድ ናት፣ ግጥሙ እንደ ቤቱ ይቀየራል አሉኝ። ይሄን እዚህ የምጽፈው ብዙ ሰው ሁሉም ሙዚቃ ስምና ባለቤት ያለው ፋይል ይመስለዋል፣ የሀገራችን ዜማ ላይ ግን ፍለጋው በርዕስ ላያልቅ ይችላል፣ በሰው ነው የሚያልቀው።

የሰራና ያልሰራ

ዋጋ ተስማምተን እንዲጫወቱልኝ ወደ ፎቶ ቤት አመጣኋቸው። የመጀመሪያው ቅጂ አልሆነም። ደረቅ ቀን ነበር፣ ጋሼ ጭራዋን ወጠር አድርገው በደንብ ቃኟት፣ ድምጿ ጥርት ያለ ነው፣ እኔ ደስ ብሎኛል። እትዬ ሰምተው «እቺ ሌላ ናት» አሉ። ዜማው ያው ነው፣ ከፍታው ነው የተቀየረው፣ ከፍ ስትል ደግሞ ሰውየው ሳያውቁት ይፈጥናሉ። ድሮውንም «ትቸኩላለች» ብለውኝ ነበር፣ ያኔ አልሰማኋቸውም። ጋሼ ቪዲዮውን አንዴ ከሰሙ በኋላ ጭራዋን አላልተው እስከዛ ድረስ አወረዷት፣ ከዛ ቀስ ብለው ተጫወቱ። መቅረጫውን ከመሲንቆዋ አንድ ሜትር ተኩል አራቅኩት፣ ሲጠጋ የደጋኑ ፍግታ ይበዛል፣ በርና መስኮቱን ዘግተን ምንጣፍ አነጠፍን። ሦስተኛው ቅጂ ነው የተወሰደው፣ 4 ደቂቃ ከምናምን። እትዬ ሲሰሙ ምንም አላሉም፣ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ፣ እኛም ዝም አልን።

ያልተፈታም አለ። 12:14 ላይ የተቆረጠው ምን እንደነበር አልተረጋገጠም፣ የቻናሉ ባለቤት እስካሁን አልመለሰም።

ከዚህ ጉዳይ ምን ልውሰድ ካላችሁ

ኮመንት ውስጥ ስም ስታገኙ መጀመሪያ ኮመንቱ የሚለውን ሰዓት ከፍታችሁ አዳምጡ። ሙዚቃ ከሌለ ቪዲዮው ተቆርጧል ብላችሁ ጠርጥሩና ልዩነቱን ለኩ፣ ስትለኩ በሙዚቃ ሳይሆን አንዴ ብቻ በሚሆን ነገር፣ አንድ ነገር ቢወድቅ፣ ሰው ቢስቅ፣ ቢያንስ በሁለት ቦታ። ልዩነቱ በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ከሆነ መጀመሪያው ላይ ነው የተቆረጠው፣ ከመሃል ጀምሮ ብቻ ከሆነ ቆረጣው መሃል ላይ ነው። ሁለት ቦታ የተቆረጠ ከሆነ ልዩነቱ እየጨመረ ይሄዳል፣ ያኔ አንድ ቁጥር ለሁሉም አይሰራም። ኮመንቱ ስር «ከ4 ዓመት በፊት» የሚለው ግምት ስለሆነ የትኛው ከቆረጣው በፊት እንደተጻፈ በሱ ብቻ አትለዩ፣ በሰዓቱ ለዩ።

ሁለት ኮመንት ስለተስማማ አታምኑ፣ ሁለተኛው ራሱ ሰምቶ ነው ወይስ የመጀመሪያውን አይቶ ነው የሚለውን ጠይቁ። «ከላይ ተመልሷል» የሚል ሁሉ ምስክር አይደለም።

ሙዚቃውን ከማሳደዳችሁ በፊት የተደረበ ነው ወይስ እዛው የተቀዳ የሚለውን ለዩ፣ ምስሉ ሲቀየር ድምጹን በመስማት። ተደርቦ ከሆነ ቪዲዮው ውስጥ መሳሪያው በዓይን የሚታይበት ሌላ ቦታ ካለ መጀመሪያ እሱን ፈትሹ። ስትፈትሹ ዜማውን ትታችሁ በዙሪያው ያለውን ትርፍ ድምጽ ስሙ፣ ብርሌ፣ ሳል፣ በር፣ ዶሮ፣ እና በሁለቱ መሃል ያለውን ሰከንድ ቁጠሩ። ይሄ ግን የሚሰራው ተራኪው ዝም ያለበት ጥቂት ሰከንድ ካለ ብቻ ነው፣ እኔ 8 ሰከንድ ባላገኝ ኖሮ ዛሬም እዛ ዘፋኝ ካሴት ላይ ነበርኩ።

ደግሞ ጠያቂው የሚፈልገው ዜማውን ነው ወይስ ያቺን ቅጂ የሚለውን መጀመሪያ ጠይቁ። እኔ የጠየኩት መጨረሻ ላይ ነው። እትዬ ባለቤታቸው ያፏጩት የነበረውን ዜማ ብቻ የሚፈልጉ መስሎኝ ነበር፣ እሳቸው ግን ፍጥነቷንና ዝቅታዋን ጭምር ነው የሚያስታውሱት፣ ያንን ቀድሜ ባውቅ «ትቸኩላለች» ያሉኝ ቀን የዘፋኙን ነገር እተወው ነበር።

አሁን

የሙት ዓመቱ ቪዲዮ ተሰርቶ ተሰጥቷል፣ የጋሼ ስም በፈቃዳቸው መጨረሻ ላይ በትልቁ ተጽፏል። ዩቲዩቡ ላይ በ19:50 ለጠየቁት ለአራቱም፣ በ19:12 ለጠየቀውም፣ ማን እንደተጫወተው በየኮመንታቸው ስር መለስኩላቸው፣ የ12:30ው ስም ለተቆረጠው ዘፈን እንደሆነ እና ከ12:14 በኋላ ያሉት የድሮ ሰዓቶች ላይ 38 ሰከንድ መቀነስ እንዳለበትም ጻፍኩ። ከአምስቱ አንዷ ትላንት መለሰችልኝ፣ ጋሼ ለሰርግ ይመጣሉ ወይ ብላ ነው የጠየቀችው፣ ስልካቸውን ከጠየኳቸው በኋላ ሰጠኋት።